ዳዊት፦ በየቀኑ የሚነበብ የብራና መጽሐፍ

የፍየል ብራና፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም፣ የዋንዛ ገበታ፣ የቆዳ ማኅደር
19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፤ ከጣና ዳር፣ ዘጌ
ቁመት 17 ሴ.ሜ፣ ወርድ 12 ሴ.ሜ፣ ውፍረት 6 ሴ.ሜ፤ 160 ቅጠል

ሥዕል የለበትም ብለው አይለፉት። ይህ መጽሐፍ ለጌጥ የተቀመጠ ሳይሆን ማለዳ ማለዳ በእጅ የሚያዝ ነበር። በስተቀኝ ባለው ገጽ የታችኛውን ጥግ ይመልከቱ፤ ቅጠሉን የሚገልጡ ጣቶች ዘወትር እዚያ ስላረፉ ጠቁሯል፣ ወዝ ጠጥቷል። ከጥጉ ከፍ ብሎ የሚያበራው ቢጫ ነጥብ ደግሞ የጧፍ ጠብታ ነው። ሰሙ ብራናው ውስጥ ስለገባ በስተጀርባ የተጻፈው ፊደል በስሱ ይታያል።

ዳዊት 151 መዝሙራት አሉት። የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃንም አብረውት ይጻፋሉ። ልጅ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሮ ንባብ የሚያጠናቅቀው በዚሁ ነው፤ «ዳዊት ደገመ» ከተባለ ማንበብ ችሏል ማለት ነው።

የተከፈተው ገጽ የመጀመሪያው መዝሙር ነው። ከላይ እንደ ሐረግ እየተጠላለፈ የሚሄደው ጌጥ ስሙም «ሐረግ» ነው፤ አዲስ ክፍል መጀመሩን ያበስራል። ከሥሩ በቀይ የተጻፉት ሁለት ቃላት «ብፁዕ ብእሲ» ይላሉ፤ ግእዝ ነው፣ «የታደለ ሰው» እንደማለት።

አሁን መስመሮቹን ከላይ ወደ ታች ይከተሏቸው። ርዝመታቸው የተለያየ ነው። ጸሐፊው አንዱን ስንኝ በአንድ መስመር ለመጨረስ ስለሚፈልግ፣ ስንኙ አጭር ሲሆን ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ሲረዝምበት ግን የተረፈውን ቃል ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች አሳንሶ ያስገባዋል። በሰባተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ቃል የዚህ ምሳሌ ነው፤ ስሕተት እንዳይመስልዎ።

መስመሩ እንዴት ቀና? በግራና በቀኝ ኅዳግ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። በወስፌ ተወግተው ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ትይዩው ድረስ ያለ ቀለም በደነዘ ብረት ተሰምሯል። ጎንበስ ብለው በጎን ሲያዩት ጭረቱ ይታያል።

በግራው ገጽ መካከል ያለው ሞላላ ቀዳዳ ግን የአይጥ ሥራ አይደለም። ብራና ሲዘጋጅ ቆዳው ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል። በሚፋቅበት ጊዜ ቢላዋ ትንሽ ከበሳው፣ ቆዳው እየደረቀ ሲሳብ ያች ቅንጣት ይህን የሚያህል ቀዳዳ ሆና ትከፈታለች። ቆዳ ውድ ስለሆነ አልተጣለም፤ ጸሐፊው ቃሉን በግራ አቁሞ ቀዳዳውን ተሻግሮ በቀኝ ቀጥሏል። ከአንድ ፍየል እንዲህ ያለ ጥንድ ቅጠል አራት ያህል ቢወጣ፣ 160ውን ቅጠል ለመሙላት 20 ያህል ፍየል ያስፈልጋል።

ጥቁሩ ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ብራናውን አይበላውም፣ በብርሃንም አይለቅም፤ ነገር ግን ከላይ የተቀመጠ እንጂ የሰረገ ባለመሆኑ እርጥበት ካገኘው ይላቀቃል። በስተግራ ታች ሦስት መስመር የፈዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሽፋኑን በመስታወቱ ጎን በኩል ያገኙታል። ገበታው እንደ እንጨት ጠባዩ በርዝመቱ ተሰንጥቋል፤ ባለቤቶቹ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ስድስት ቀዳዳ በስተው በጠፍር ሰፍተውታል። እንደ እኛ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ እጅግ የሚያምረው ይህ ስፌት ነው።

አጠገቡ ያለው ባለ ማንገቻ የቆዳ ከረጢት ማኅደሩ ነው። መጽሐፉ ሲዘጋ እዚህ ገብቶ ከግድግዳ ችካል ላይ ይንጠለጠላል፤ ከመሬት እርጥበትና ከአይጥ የሚድነው እንዲያ ነው።

መብራቱ የደበዘዘው ሆን ተብሎ ነው። ብራናውና የማኅደሩ ቆዳ ብርሃን ሲበዛባቸው ስለሚጎዱ ከ50 ሉክስ በላይ አናበራም። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ሣጥኑ በክረምትም በበጋም ተዘግቶ ይቆያል። የሚከፈተው በየ3 ወሩ ገጹን ለመገልበጥ ብቻ ነው። እባክዎ በፍላሽ ፎቶ አያንሡ።