የስምንት መማሪያ ክፍሎች ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ የግንባታ ጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ

ቁጥር፦ 047/2017
ቀን፦ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት
በአማካሪ መሐንዲሱ በኩል

ጉዳዩ፦ የ34 ቀናት የውል ጊዜ ማራዘሚያ ስለመጠየቅ እና የተሻሻለ የሥራ መርሐ ግብር ስለማቅረብ

ሳይቱን የተረከብነው ጥቅምት 4 ቀን 2017 ሲሆን በ300 ቀናት ውል መሠረት ሕንፃውን የምናስረክበው ነሐሴ 4 ቀን 2017 ነበር። በዚህ ቀን እንደማንደርስ ከወዲሁ ለማሳወቅ እንወዳለን። አሁን ባለን ግምት ሥራው የሚጠናቀቀው መስከረም 12 ቀን 2018 ነው። ልዩነቱ 43 ቀን ሲሆን ማራዘሚያ የምንጠይቀው ግን ለ34ቱ ብቻ ነው። ቀሪው 9 ቀን የእኛ ጥፋት ነው።

34ቱ ቀናት የመጡት ከመሠረቱ ነው። በፕላኑ ላይ የቁፋሮው ጥልቀት 1.50 ሜትር ቢሆንም ጥቁር አፈሩ እስከ 2.60 ሜትር ወርዶ ተገኝቷል። ይህ አፈር ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ በመሆኑ መሠረት ሊያርፍበት አይችልም። ኅዳር 6 ቀን በሳይት መዝገብ ገጽ 14 አስመዝግበን ቁፋሮውን አቆምን፤ የተሻሻለው ፕላንና የሥራ ትዕዛዙ የደረሰን ኅዳር 29 ቀን ነው። 23 ቀን በመጠበቅ አለፈ። ከዚያም 36 በ9 ሜትር በሆነው ስፋት ላይ 1.10 ሜትር ተጨማሪ ቁፋሮ፣ በድምሩ 356 ሜትር ኩብ፣ ተካሂዶ በገረጋንቲ ተሞልቷል። ሙሌቱ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀና እየተፈተሸ በስድስት ንብርብር ስለተሠራ ከቁፋሮው ጋር 11 ቀን ወስዷል። የማራዘሚያ ጥያቄ እንደምናቀርብ ታኅሣሥ 3 ቀን በጻፍነው ደብዳቤ አሳውቀን ነበር።

ሁለተኛው መዘግየት የእኛ ነው። የካቲት 26 ቀን ከተሞሉት የምድር ወለል ኮለኖች መካከል የስድስቱ ኮንክሪት በ28ኛው ቀን ፍተሻ በአማካይ 19.6 ሜጋፓስካል ብቻ አስመዘገበ፤ የሚፈለገው 25 ነው። አሸዋው ከዝናብ በኋላ እርጥብ ሆኖ ሳለ የሚክሰሩ ውሃ አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ሠራተኞቹ እንዲቀልላቸው በባልዲ ጨመሩበት። የ7ኛው ቀን ውጤት 13.1 ሲሆን ያኔውኑ ማቆም ይገባን ነበር፤ እኛ ግን የ28ኛውን ጠበቅን። ኮለኖቹን በራሳችን ወጪ አፍርሰን እንደገና እስክንሞላ ከመጋቢት 24 እስከ ሚያዝያ 13 ድረስ 19 ቀን አጥተናል። ከዚያ ወዲህ ውሃው ምልክት በተደረገበት ጀሪካን ይለካል፤ በየሙሊቱም የስላምፕ ፍተሻ ይደረጋል። ግንቦት 28 ቀን የተሞላው የሶሌታ ኮንክሪት የ7ኛው ቀን ውጤት 18.2 ነው።

ከ19ኙ ቀናት አሥሩን በሁለተኛ የብሎኬት ቡድንና በትርፍ ሰዓት እናካክሳለን። ለ9ኙ ቀናት በውሉ የተቀመጠው 0.1 በመቶ ይታሰብብን፤ ከ26,000,000 ብር በቀን 26,000፣ በድምሩ 234,000 ብር ይሆናል።

የክረምቱን ዝናብ ለብቻው እንደ ምክንያት አላቀረብንም፤ ሐምሌ እንደሚዘንብ ስንፈርምም እናውቃለን። የሁለተኛው ክፍያ መዘግየትም ሥራ ስላላስቆመ አልተካተተም።

የተሻሻለው መርሐ ግብር፦

የላይኛው ፎቅ ኮለን፦ ሰኔ 10–18
ቶፕ ታይ ቢም፦ ሰኔ 19–ሐምሌ 1
የምድር ወለል ብሎኬት፦ ሰኔ 20–ሐምሌ 8 (የሶሌታው ድጋፍ 21 ቀኑን ጨርሶ የሚነሳው ሰኔ 19 ነው)
የብረት ትረስ መትከል፦ ሐምሌ 9–16 (ብየዳው አሁን በወርክሾፕ እየተሠራ ነው)
ጣሪያ ማልበስ፦ ሐምሌ 17–24 (5 ቀን የሚበቃው ሥራ ነው፤ 3ቱ ለዝናብ የተያዘ ነው)
የላይኛው ፎቅ ብሎኬት፦ ሐምሌ 9–25
የኤሌክትሪክ ቱቦና ልስን፦ ሐምሌ 9–ነሐሴ 14
ወለል፣ ኮርኒስ፣ በርና መስኮት፦ ነሐሴ 5–28
ቀለም፦ ነሐሴ 20–መስከረም 5
ፍተሻ፣ ጽዳትና ጊዜያዊ ርክክብ፦ መስከረም 6–12

በዚህ ውስጥ የሚያሰጋን ቀለሙ ነው። በነሐሴ እርጥበት ልስን ቶሎ አይደርቅም፤ ባልደረቀ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ደግሞ ይላጣል። ስለዚህ ልስኑ ቀድሞ ከሚያልቅበት ከምድር ወለል እንጀምራለን። ያልደረቀ ግድግዳ ካጋጠመ በየሳምንቱ ሰኞ በምንልከው ሪፖርት እናሳውቃለን።

ትምህርት ሲጀመር አራቱን የምድር ወለል ክፍሎች ቀድመን እንድናስረክብ ሊጠየቅ እንደሚችል እንገምታለን። ከላይ ሥራ እየተሠራ ልጆች ከሥር እንዲማሩ ግን አንመክርም፤ ሕንፃው ባንድ ላይ መስከረም 12 ቢከፈት ይሻላል።

ማራዘሚያው ከተፈቀደ የውል ማስከበሪያ ዋስትናውንና ኢንሹራንሱን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ አራዝመን እናቀርባለን። ባንኩ የሚቀበለው በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ብቻ በመሆኑ እስከ ሰኔ 20 ቀን 2017 ምላሽ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሠላምታ ጋር
የሥራ ተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ

አባሪ፦ የሳይት መዝገብ ገጽ 14 ቅጂ፣ የኅዳር 29 የሥራ ትዕዛዝ፣ የታኅሣሥ 3 ደብዳቤ፣ የኮንክሪት ፍተሻ ውጤቶች

ግልባጭ፦
ለሳይት መሐንዲስ
ለፋይናንስ ክፍል