የሁለት ሳምንት የኬሚስትሪ ክለሳ ዕቅድ

ወንድሜ፣ ትናንት በስልክ ያወራነውን ዕቅድ ይኸው ጽፌልሃለሁ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ዕቃ ማዘጋጀትና ወደ ካምፓስ መጓዝ ይወስዱብሃል። ስለዚህ ያለህ 12 ቀን ነው። ለኬሚስትሪ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ያዝ፤ ቀሪው ቀን የሒሳብ፣ የፊዚክስና የሌሎቹ ነው። ማታ መብራት ስለሚጠፋባችሁ ወደ ማታ አትግፋው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ታጠናለህ።

ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ ሩብ ሰዓት የሞል ስሌት ናት። አንድ የ10ኛ ክፍል የስቶይኪዮሜትሪ ጥያቄ፣ ካልኩሌተር ሳትነካ። እሷ ካልቀናች ሌላው ሁሉ ይንገዳገዳል።

ሰኞ (ቀን 1)። መጽሐፍ አትክፈት። ያለፈ ዓመት ፈተና አውጣና ሰዓት ይዘህ ሥራ። ከዚያ የሳትካቸውን በሦስት ክፈላቸው፦ ሐሳቡ ያልገባህ፣ ስሌቱ ላይ የሳትከው፣ በችኮላ ያነበብከው። የመጀመሪያው ንባብ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ልምምድ። ሦስተኛው የሚፈልገው ቀስ ማለት ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ደብተር ጻፍ፤ ወደፊት የምትከልሰው እሱን ነው።

ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ (ቀን 2–4)፦ አሲድና ቤዝ። የ12ኛ ክፍል ዩኒት 1። ሦስት ቀን የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፎርሙላውን ሸምድደሃል፣ መቼ እንደሚሠራ ግን ግራ ይገባሃል። ማክሰኞ pH ብቻ። 0.01 M HCl pH 2 መሆኑን ታውቃለህ። 0.1 M አሴቲክ አሲድስ? Ka = 1.8 × 10⁻⁵ ይዘህ በእጅህ ሥራው፤ 2.87 አካባቢ መምጣት አለበት። log 2 = 0.30፣ log 3 = 0.48 እና log 5 = 0.70 በቃልህ ይኑሩ። 10⁻⁸ M HCl ሲመጣ ደግሞ 8 ብለህ እንዳትመልስ። አሲድ ቤዝ አይሆንም! ውኃው ራሱ የሚሰጠውን H⁺ ስትደምር ከ7 ትንሽ ዝቅ ይላል።

ረቡዕ በፈርና የጨው ሃይድሮሊሲስ። NH₄Cl ወደ አሲድ፣ CH₃COONa ወደ ቤዝ ያደላል፤ NaCl ገለልተኛ ነው። ለምን እንደሆነ ለእናታችን ማስረዳት ከቻልክ ገብቶሃል ማለት ነው። በበፈር ውስጥ አሲዱና ጨው እኩል ሲሆኑ pH = pKa። ሐሙስ የታይትሬሽን ኩርባዎችን በእጅህ ሣል። ደካማ አሲድ ከጠንካራ ቤዝ ጋር ሲሆን ማብቂያው ከ7 በላይ ነው፣ ኢንዲኬተሩም ፊኖልፍታሊን።

ከዓርብ እስከ እሑድ (ቀን 5–7)፦ ኤሌክትሮኬሚስትሪ። ሁሌ የምትደናገረው አኖድና ካቶድ ላይ ነው። አንድ ነገር ያዝ፦ በሁለቱም ዓይነት ሴል ኦክሲዴሽን አኖድ ላይ ነው። የሚቀየረው ምልክቱ ነው። በጋልቫኒክ አኖዱ ኔጌቲቭ፣ በኤሌክትሮሊቲክ ፖዘቲቭ ነው።

ቮልቴጁን በE°(ካቶድ) − E°(አኖድ) አስላ። ዚንክና መዳብ፦ 0.34 − (−0.76) = 1.10 V። መዳብና ብር፦ 0.80 − 0.34 = 0.46 V። እዚህ ላይ ባላንስ ለማድረግ ብርን በ2 ታባዛለህ፣ E°ን ግን አታባዛም። ፈታኞች ይቺን ወጥመድ ይወዷታል።

እሑድ የፋራዳይ ስሌት። 2 A ለ965 ሰከንድ በCuSO₄ ውስጥ ቢያልፍ፦ 1930 C፣ 0.02 ሞል ኤሌክትሮን፣ 0.01 ሞል መዳብ፣ ማለትም 0.64 ግራም ገደማ። ቁጥሮቹን እየቀየርክ አምስቴ ሥራው።

ሰኞ (ቀን 8)። የ11ኛ ክፍል ኢኩሊብሪየምና ካይኔቲክስ። የሪአክሽን ኦርደርን ከሠንጠረዥ ማውጣት፣ የለ ሻተሊዬ መርህ፣ የKc ስሌት። ካታሊስት Kcን እንደማይቀይር አስምርበት።

ማክሰኞ (ቀን 9)። ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ፣ ፖሊመርና የአካባቢ ኬሚስትሪ። እዚህ ሽምደዳ ያዋጣል። ሃበር በብረት፣ ኮንታክት በV₂O₅፣ ኦስትዋልድ በፕላቲነም። ፖሊመሩን ቀድሞም ስለምትችለው አልፈው።

ረቡዕ (ቀን 10)። ኦርጋኒክ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል። ስያሜ፣ ፈንክሽናል ግሩፕ፣ የአልኮል ኦክሲዴሽን። አቶሚክ መዋቅርና ቦንዲንግን ሰዓት ከተረፈህ ብቻ እይ።

ሐሙስ (ቀን 11)። ሁለተኛ ያለፈ ዓመት ፈተና፣ እንደ ሰኞው። መልሱን አንሰር ሺት ላይ እያጠቆርክ ሥራ። ያቃተህን ዝለልና ተመለስበት፤ አንድ ጥያቄ ላይ አትሙት።

ዓርብ (ቀን 12)። የስህተት ደብተሩ ብቻ። ከሰዓት በኋላ ባዶ ወረቀት ላይ ፎርሙላዎቹን ከቃልህ ጻፍ። የጎደለውን በቀይ ሙላው።

ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አትጀምር። ጓደኞችህ ዶርም ውስጥ «ይሄ ይወጣል ተባለ» ቢሉህ ጆሮ አትስጥ። ስልክህን ቤት ተወው፣ ካምፓስ ይዘህ መግባት አይፈቀድም። እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ቅዳሜ አዘጋጅ።

የሰኞውን ፈተና ውጤት ማታ ላክልኝ። ኤሌክትሮኬሚስትሪው እንደፈራሁት ካልሆነ አንድ ቀን ቀንሰን ለካይኔቲክስ እንሰጠዋለን።