«ግንኙነታችንን ይፋ ያደርገው ይሆን?» ላልሽኝ ጥያቄ የወጡልሽ የታሮት ካርዶች

እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ስምሽን እንዳልጽፍ ስለጠየቅሽኝ እንዲሁ እህቴ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አብራችሁ ከሆናችሁ ሁለት ዓመት አልፏል። አንድ ቢሮ ትሠራላችሁ፣ ግን የሚያውቅ ሰው የለም። ቢሾፍቱ ስትሄዱ እጅሽን ይዞ ሐይቁ ዳር ይንሸራሸራል። ሰኞ ጠዋት ኮሪደር ላይ ሲያገኝሽ «እንዴት አደርሽ» ብሎ ያልፋል። አንቺ ጴንጤ ነሽ፣ እሱ ኦርቶዶክስ ነው፤ እናቱ ደግሞ አጥባቂ ናቸው። ስትጠይቂው «ትንሽ ታገሺኝ» ይልሻል። የጓደኛችሁ ሠርግ ላይ ሌላ ጠረጴዛ ሲቀመጥ ግን ትዕግሥትሽ አለቀ።

የዘረጋሁልሽ ስድስት ካርድ ነው። መጨረሻው ላይ ለማብራሪያ አንድ ጨመርኩ። ፎቶውን ልኬልሻለሁ፣ ሥዕሎቹን እያየሽ ተከተይኝ። ካርዶቹ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የታተሙት፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሳለቻቸው ናቸው። የምነግርሽ ነገሩ አሁን የቆመበትን ቦታና በዚሁ ከቀጠለ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው። ውሳኔው የእናንተ የሁለታችሁ ነው።

በመካከላችሁ ላለው ነገር የወጣው ሁለት ጽዋ ነው። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ጽዋ ይለዋወጣሉ። ይህን ካርድ እዚህ ቦታ ሳየው ደስ አለኝ። ፍቅሩ እውነት ነው፣ ከሁለታችሁም ወገን ነው። «እየተጫወተብኝ ይሆን?» ብለሽ ለጻፍሽው መልሱ ይኸው። ሌላ ሴት አለች ወይ ላልሽውም፣ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቁሙት ካርዶች፣ በተለይ ሰባት ሰይፍ፣ እዚህ ዝርጋታ ውስጥ የሉም። በዚህ በኩል ልብሽን አሳርፊ።

ምን ያዘው ለሚለው ሊቀ ካህኑ ወጣ። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ተቀምጦ እጁን ለቡራኬ አንስቷል፣ ሁለት ሰዎች ከፊቱ ተንበርክከዋል። ይህ የሃይማኖት፣ የቤተሰብ፣ የሥርዓት ካርድ ነው። ስለዚህ ስለ እናቱ የነገረሽ ሰበብ አይደለም። በየወሩ በ21 የማርያም ማኅበር የሚጠጡ እናት፣ ልጃቸው በተክሊል እንዲያገባ ይፈልጋሉ። ተክሊል ደግሞ ሁለቱም ኦርቶዶክስ ካልሆኑ አይፈጸምም። እሱም ይህን ያውቃል። አንቺን ይዞ ቤት መግባት ማለት ማን ይጠመቃል፣ የት እንጋባለን፣ ልጆቹስ የሚለውን ሁሉ በአንድ ቀን መክፈት ማለት ነው። ሸክሙ ከባድ ነው፣ አላቃልለውም።

አሁን ግን ሦስተኛው ቦታ ላይ ቆዪ። ምክንያቱም የዚህ ዝርጋታ ልብ እዚህ ነው። አንቺ የማታይው ነገር ምንድን ነው ብዬ ያወጣሁት አራት ሳንቲም ነው። ሰውየውን እዪው። አንዱን ሳንቲም ደረቱ ላይ በሁለት እጁ አቅፏል፣ አንዱን በራሱ ላይ አድርጓል፣ ሁለቱን በእግሩ ረግጧል። ከተማው ከኋላው ነው። ምንም አላጣም። ግን መንቀሳቀስ አይችልም፣ ከተነሳ አንዱ ይወድቅበታል።

እህቴ፣ እሱ አሁን ሁሉም ነገር አለው። እናቱ ደስተኛ ናቸው። ቢሮ ውስጥ ስሙ አይነሳም። አንቺም አለሽ፣ ቅዳሜን ትጠብቂዋለሽ። መደበቁ የጀመረው በፍርሃት ነው፣ ሊቀ ካህኑ እንዳሳየን። ዛሬ የቀጠለው ግን ስለተመቸው ነው። ይህን ስል ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። የሚወድ ሰውም በተመቸው ቦታ ይቀመጣል። የመደበቁን ዋጋ እስካሁን ብቻሽን የከፈልሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ እሱን ከቦታው የሚያስነሳው ነገር አላገኘሁም፣ ያዘንኩትም ለዚህ ነው።

ያንቺ ቦታ ላይ ስምንት ሰይፍ ወጣ። ዓይኗ የታሰረ፣ ክንዷ የተጠፈረ ሴት፣ ዙሪያዋን ሰይፍ ተተክሏል። እግሯን ግን እዪው፣ አልታሰረም። «ከተናገርኩ አጣዋለሁ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ያሰረሽ ይህ ሐሳብ ነው። ለእህትሽ እንኳን እንዳልነገርሻት ሳነብ አንጀቴ ተላወሰ። ምስጢሩን እንድትጠብቂ የጠየቀሽ እሱ ነው፤ ከገዛ እህትሽ መደበቅን የጨመርሽበት ግን አንቺ ነሽ።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ይፋ ያደርገዋል ወይ ብዬ ያወጣሁት ፀሐይ ነው፣ ግን ተገልብጦ። ፀሐይ ቀጥ ብሎ ቢወጣ «አዎ፣ በሰው ፊት፣ በደስታ» እልሽ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ካርድ የለም። ሲገለበጥ ብርሃኑ አይጠፋም፣ ይዘገያል፣ ደግሞ በከፊል ይመጣል። ለማብራሪያ የጨመርኩት ካርድ የተሰቀለው ሰው ሆነ። በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ፊቱ ግን የተረጋጋ ነው፣ ለመውረድ አይታገልም። ሁለቱን አብሬ ሳነብ መልሴ ይህ ነው፦ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ እሱ በራሱ ተነሳሽነት ይፋ አያደርገውም። «ለጥር ሽማግሌ ይልክ ይሆን?» ብለሻል። ለዚህ ጥር አላየሁትም። ሌላ ቀን ቆርጬ ልስጥሽም አልችልም፣ የተሰቀለው ሰው ቀን አይሰጥም።

የተገለበጠው ፀሐይ በከፊል ይመጣል ያልኩሽን ግን አትርሺው። መጀመሪያ የሚሰማው እናቱ ወይም ቢሮው ሳይሆን አንድ ሰው ብቻ ይመስለኛል። ታላቅ እህቱ ይገባታል ብለሽ ጽፈሽ ነበር። እኔ የማየው በሩ በዚያ በኩል እንደሚከፈት ነው። ፌስቡክ ላይ ፎቶሽን እንዲለጥፍ አትጠብቂ፣ መለኪያሽም እሱ አይሁን።

ምን ላድርግ ለሚለው የሰይፍ ንግሥት ወጣችልሽ። ሰይፏን ቀጥ አድርጋ ይዛለች፣ ሌላኛው እጇ ግን ወደ ፊት ተዘርግቷል። አትጮህም፣ አታስፈራራም፣ የምትፈልገውን ትናገራለች። በቴክስት አትጻፊለት። ቅዳሜን ጠብቀሽ በአካል ንገሪው፦ «እወድሃለሁ። እናትህን ዛሬ ንገራቸው አልልህም። ግን ከእህትህ ጋር አስተዋውቀኝ፣ እኔም ለእህቴ እነግራታለሁ። ይህን ማድረግ ካልቻልክ እንዲህ መቀጠል አልችልም።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የምትዪው ከልብሽ ከሆነ ብቻ ነው። ካላመንሽበት አትናገሪው፣ እሱም ያውቅብሻል።

ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። ቀን ቆርጦ «በዚህ ቀን እንገናኛለን» ካለሽ፣ አራቱን ሳንቲም የያዘው ሰው አንዱን ለቀቀ ማለት ነው፤ የፀሐይ ካርዱም ንባብ ይቀየራል። እንደገና «ትንሽ ታገሺኝ» ካለሽ ግን ዛሬ ያነበብኩልሽ ይጸናል።

ለእህትሽ ግን እሱን ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ንገሪያት። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

የተባባላችሁትን ጻፊልኝ። ይህንኑ ጥያቄ ለሦስት ወር ያህል ደግሜ አልዘረጋልሽም፤ በየሳምንቱ ካርድ ማስወጣት ጭንቀትሽን ይጨምራል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይሽም። ከሱ ጋር ተነጋግረሽ የተለወጠ ነገር ካለ ግን በማግስቱም ቢሆን እዘረጋልሻለሁ።