ለወሎ ንጹሕ የምንጭ ውሃ ይለግሱ | ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ

መግለጫ፦ በደላንታ ደጋ ምንጮችን አጎልብተን ንጹሕ ውሃ እናወጣለን። በሕግ የተመዘገብን ነን። ለሰጡት ገንዘብ ደረሰኝና የሥራውን ፎቶ እንልክልዎታለን።

የገጹ ጽሑፍ፦

ልጅቷ ካልተጠበቀው ምንጭ በጣሳ እየቀዳች ቢጫ ጀሪካኗን ትሞላለች። ጭቃው እስኪጠልል ትጠብቃለች። ከብቶቹም ከዚያው ይጠጣሉ። ትምህርት ቤት የምትደርሰው ረፍዶባት ነው።

ይህን መለወጥ ይቻላል። የምንጩ ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ይታጠራል። ውሃው በቧንቧ ወደ ማጠራቀሚያ ይወርዳል። ለከብቶቹ ገንዳ ለብቻው ይሠራል። ድንጋዩንና ጉልበቱን ነዋሪው በደቦ ያዋጣል። የእርስዎ ገንዘብ ለሲሚንቶ፣ ለቧንቧና ለግንበኛ ክፍያ ይውላል።

ብሬ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። የተመዘገብነው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። አዋጁ ለአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ በላይ አይፈቅድም። የባንክ ሒሳባችን በማኅበሩ ስም ነው፤ በግለሰብ ሒሳብ ገንዘብ አንቀበልም። በስማችን ደውሎ በግል ሒሳቡ ላክልኝ የሚል ሰው ካለ፣ እባክዎ አይላኩ፤ እኛ አይደለንም። የውጭ ኦዲተር ሪፖርታችን ከታች አለ። የማንንም ፎቶ ሳናስፈቅድ አንለጥፍም።

50 ብርም ደረሰኝ አለው።

አሁን ይለግሱ