ዘጠኝ ቁጥር

በርሊን በገባሁ በአምስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ንጹሕ ልብስ አለቀብኝ። ካልሲና ሸሚዙን እስከዚያ ድረስ በእጄ እያጠብኩ ማሞቂያው ላይ አደርቅ ነበር። ጋቢው ግን በዚያች ጠባብ የፊት መታጠቢያ የሚሞከር አልነበረም። ሐሙስ ማታ ተከናንቤው ስበላ ሽሮ ደፍቼበታለሁ፤ መዳፍ የሚያክል ቢጫ እድፍ ይዟል። ጥጡን የፈተለችው አያቴ ናት።

ያለኝን ሁሉ በአንድ ከረጢት ጠቅጥቄ ሰፈሬ ወዳለው ላውንድሪ ሄድኩ። ባለቤትም ሠራተኛም የለበትም። ክብ የመስታወት በር ያላቸው ማሽኖች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሳንቲም የሚበላና ቁጥሮች ያሉበት አንድ የብረት ሣጥን አለ። ልብሱን በቅርብ ወዳገኘሁት ማሽን ከተትኩ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አራት ዩሮ ከፈልኩና ቁጥር ተጫንኩ። ከጀርባዬ አንድ ሌላ ማሽን መብራቱን አበራ። የተጫንኩት 6 ነው፤ ልብሴ ያለው 9 ውስጥ። ሳንቲሙ አልተመለሰም።

አራት ዩሮ የሁለት ቀን ዳቦዬና ወተቴ ነበር። ባዶው ማሽን ፊት ቆሜ ስልኬን አወጣሁና አራት ኪሎ ደወልኩ።

ያነሳችው ታናሽ እህቴ ናት። ከኋላዋ ግቢያችን፣ ሰማያዊው በርሜል፣ የተደረደሩት ጀሪካኖች ይታያሉ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ስለነበር እማዬ ሳፋው ላይ አጎንብሳለች፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ለብሷል።

«ምን ሆንክ ልጄ?»

ነገርኳት። ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ነጩን ከቀለማሙ ለይተሃል?»

ዝም አልኩ።

«ጂንሱን ከጋቢው ጋር ከተትከው? በል ቶሎ አውጣ!»

ዘጠኝ ቁጥር ገና አልተነሳም ነበርና በሩ ተከፈተ። ጂንሱን፣ ቀዩን ሹራብና የቀረውን ቀለማም ልብስ አውጥቼ ወደተከፈለበት ወደ ስድስት ቁጥር ወሰድኩ። ጋቢው ብቻውን ዘጠኝ ውስጥ ቀረ። ለእሱም አራት ዩሮ ከፈልኩ፤ ቁጥሩን በጣቴ ሁለት ጊዜ ካረጋገጥኩ በኋላ።

የሳሙናው መሳቢያ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ላይ I፣ ሁለተኛው ላይ II፣ ሦስተኛው ላይ አበባ ተስሏል። አጠገቤ አንሶላ የሚያጥፉ አንዲት አሮጊት ግራ መጋባቴን አይተው ቀረቡና በጀርመንኛ ቀስ ብለው አስረዱኝ፤ አንደኛው የቅድመ እጥበት፣ ሁለተኛው የዋናው፣ አበባው የማለስለሻ ነው። ለእማዬ ተረጎምኩላት።

«ቅድመ እጥበት መዘፍዘፊያ ነዋ! ሽሮ የነካው ጨርቅ ሳይዘፈዘፍ አይለቅም። ለጂንሱ ተወው፤ ለጋቢው ግን በሁለቱም ጨምር። ውኃው ለብ ይበል። ጭመቃውን አታብዛበት፣ ጥጥ ነው።»

30 ዲግሪ መረጥኩ። የመዞሪያውን ፍጥነት ዝቅ አደረግኩ። ለካ ማሽኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ያለፈ ቃል ነው፤ መዘፍዘፍ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መጭመቅ። ጽሑፉን ማንበብ የቻልኩት እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን የምታውቀው ግን ማሽኑን አይታ የማታውቀው እናቴ ናት።

«እንዶድ ቢኖርህ ኖሮ ለጋቢ የሚሆነው እሱ ነበር» አለች።

የማጠናው የሕዝብ ጤና ነው። ገና አዲስ አበባ ሳለሁ አስተማሪያችን ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነግረውን ነበር፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ፍሬው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበትን ታሪክ። ያን ጊዜ በማስታወሻዬ የጻፍኩት የሳይንቲስቱን ስም ብቻ ነበር። አሁን መስታወቱ ውስጥ አረፋው ሲነሳ እያየሁ የማስበው ወንዙ ዳር ስላጎነበሱት ሴቶች ነው።

ጋቢው ውኃ ሲጠጣ ከበደ፤ አንዴ ከፍ ብሎ ዷ እያለ ይወድቃል፣ ጠርዙ መስታወቱን ታኮ ያልፋል። አርባ ደቂቃ ያህል ከፊቱ አልተነሳሁም። በሩ ቀጭ ብሎ ሲከፈት እድፉ የነበረበትን ቦታ ወደ ብርሃኑ ያዝኩት። ነጭ ነው። ለእማዬ በስልኩ አሳየኋት፤ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ መረመረችው።

«ማድረቂያ ውስጥ እንዳትከተው፣ ይሰበሰባል። ጥላ ላይ አስጣው።»

«እሺ። አንቺስ ጨረስሽ?»

እህቴ ስልኩን ወደ ገመዱ አዞረችው። በፎጣዎቹ መካከል ክንዱ የተላላጠ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ይንጠባጠባል። የሁለተኛ ደረጃ ዩኒፎርሜ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት አውልቄ የተውኩት።

«እማዬ፣ እሱን የሚለብሰው ማን አለ?»

«አቧራ ጠጥቶ ነበር» አለችና መቆንጠጫ ልታመጣ ሄደች።