ጥቁሩ ድንጋይ

ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት እዚያ ባለ አንድ ወርቅ ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ወርቅ መፈተን የተማርኩትም እዚያው ነው፤ ጌጡን ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አሽቶ፣ ደረጃው ከሚታወቅ ወርቅ ጭረት ጋር ጎን ለጎን አሲድ ጠብ ማድረግ። አሲዱ ቶሎ የሚያደበዝዘው ዝቅተኛው ነው። 21 ካራት ከመቶ 87.5 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት ግን 75 ብቻ።

አንድ ቀን ነጠላ ያጣፉ እናት የአንገት ሐብላቸውን ሊሸጡ መጡ። ልጃቸው ሆስፒታል ተኝቷል። ፈተንኩት፤ 21 ነው። አሠሪዬ ድንጋዩን እንኳ ሳያዩ «18 ነው» አሉ። እናትየው ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እውነት ነው?» አሉኝ።

የቤት ኪራያችን የሚከፈለው በእኔ ደመወዝ ነበር። ደግሞስ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ዝም ብያለሁ! ዛሬም የሚያመኝ እሱ ነው። «እኔ አልዋሸሁም» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ዝምታዬ ከአሠሪዬ ቃል እንደማይሻል የገባኝ እኚያ ሴት ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ነው።

«21 ነው፣ እማማ» አልኩ።

በዚያው ምሽት ተባረርኩ። ወሬው ለጎረቤት ወርቅ ቤቶች ሁሉ ስለደረሰ ሰባት ወር ሙሉ የሚቀጥረኝ አጣሁ፤ ቤቱን ለቅቀን አክስቴ ዘንድ ተጠጋን። እናቴ የሆነውን ስነግራት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ተነሥታ ከሰል አያያዘች፣ ቡናም ማጠብ ጀመረች።