የጥሪ ደብዳቤ፦ የሐረጎ ጋራዥ 20ኛ ዓመት በዓል፣ እሑድ ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ኮምቦልቻ

ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም

ውድ ደንበኞቻችንና አጋሮቻችን፣

እንዴት ከረማችሁ? ለዒድም ለፋሲካም እንኳን በሰላም አደረሳችሁ።

ሐረጎ የከባድ መኪና ጋራዥና መለዋወጫ 20 ዓመት ሞላው። ይህን ቀን ከእናንተ ጋር ማክበር እንፈልጋለን። በዓሉ እሑድ ግንቦት 9 ቀን 2018 ዓ.ም ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይካሄዳል። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የጋራዣችን ግቢ ነው። መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ሚያዝያ 29 ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ድረስ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ሆቴል አዳራሽ ይሻላል ያሉን ወዳጆች ነበሩ። አስበንበት ግቢውን መረጥን። አብዛኞቻችሁ የምታውቁን እዚህ ነው። መኪናችሁ ተሠርቶ እስኪወጣ ሻይ እየጠጣችሁ የጠበቃችሁት እዚሁ ነው። ዕለቱን ሥራ አይኖርም። ግቢው ታጥቦ ድንኳን ይጣልበታል።

በ1998 ዓ.ም ስንጀምር ሁለት መካኒክ፣ አንድ በያጅና አንድ ጎሚስታ ነበርን። ያኔ ከሚመጣልን መኪና አብዛኛው ኢሱዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ከተማዋም አደገች፣ ሥራውም ከበደ። በ2009 ዓ.ም የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ደረቅ ወደቡም አለ። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚወጣው ባለ ተሳቢ በራችን ላይ ያልፋል። ዛሬ ካምቢዮ የሚያወርድ፣ ፍሪሲዮን የሚቀይር፣ ባሌስትራ የሚሠራ፣ ኤሌክትሪክ የሚፈትሽ የየራሱ ባለሙያ አለን። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እዚሁ እኛ ጋ በረዳትነት ጀምረው ያደጉ የኮምቦልቻና የደሴ ልጆች ናቸው። በበዓሉ ላይ በስማቸው እየጠራን እናስተዋውቃችኋለን። መኪናችሁን የሚሠራላችሁን ሰው ፊቱን ማወቅ ይገባችኋል ብለን እናምናለን።

ስለ 2014 ዓ.ም ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግቢውን ዘግተን ወጣን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ ያገኘነው ባዶ ቤት ነው። ኮምፕሬሰሩ፣ የብየዳ ማሽኑ፣ የመለዋወጫው መደርደሪያ ሁሉ የለም። ከሠራተኞቻችን ያልተጎዳ ቤተሰብ አልነበረም። እንደገና እንከፍታለን ብሎ ለመናገር እንኳ ድፍረት አልነበረንም።

ያኔ የከፈታችሁት እናንተ ናችሁ። አንድ የመለዋወጫ አቅራቢያችን ከአዲስ አበባ ደውለው፣ «ዕቃውን ውሰዱ፣ ስትሠሩ ትከፍላላችሁ» አሉን። ቼክም ዋስም አልጠየቁም። አንድ የደሴ ባለ መኪና ደግሞ የራሳቸውን ክሪክና የመፍቻ ሳጥን ይዘው መጥተው፣ «በዚህ ጀምሩ» ብለው ጥለውልን ሄዱ። እነሱም ቢሆኑ ከጉዳት አልዳኑም፣ ከተረፋቸው ላይ አይደለም የሰጡን። ተራቸውን ጠብቀው፣ ሌላ ጋራዥ መሄድ እየቻሉ እኛኑ የታገሡ ሹፌሮችም ብዙ ናቸው። የዚህ በዓል ዋናው ምክንያት ይኼ ነው። ሃያ ዓመት መሙላታችን ሰበብ ሆነልን እንጂ፣ ቆመን በአደባባይ ልናመሰግናችሁ ከፈለግን ቆይቷል።

ፕሮግራሙ ረጅም ንግግር የለበትም። በአባቶች ምርቃትና ዱዓ ይከፈታል። ከዚያ በእነዚያ ወራት ለደገፉን ሰዎች የምስጋና ስጦታ እንሰጣለን። ቀጥሎ ዋና መካኒካችን ስለ ፍሬን አጭር ገለጻ ያደርጋል። ይህን ያስገባነው አስበንበት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች መንገድ መኪናው ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይወርዳል። በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጭነት ይዞ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና ታምቡሩ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው መያዝ ያቅተዋል። ሹፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው አይቆምም። መፍትሔው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ መቀነስና በሞተር መያዝ ነው። ልምድ ያለው ሹፌር ይህን ያውቃል፤ አዲሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚማረው መንገዱ ላይ ነው። እኛ ከዚያ በፊት እንዲማር እንፈልጋለን። ስለዚህ ድርጅቶች ከተጋባዦቻቸው መካከል ቢያንስ አንድ ሹፌር ይዘው እንዲመጡ አደራ እንላለን። የጥሪው ወረቀት በአለቃ ስም ቢሆንም ሹፌሩም ረዳቱም እንግዳችን ናቸው።

በዓሉን ምክንያት በማድረግ ከሰኞ ግንቦት 3 እስከ ቅዳሜ ግንቦት 8 የደንበኞቻችንን መኪና ፍሬን ያለ ክፍያ እንፈትሻለን። ዕቃ መቀየር ካስፈለገ ዋጋው አስቀድሞ ይነገራችኋል። ውሳኔው የእናንተ ነው።

ምሳው የሙስሊሙም የክርስቲያኑም በየብቻ ታርዶ፣ በየብቻ ተሠርቶ ይቀርባል። ቀኑን የመረጥነውም ረመዳንም ዐቢይ ጾምም ካለፉ በኋላ ሁሉም አብሮ እንዲበላ ብለን ነው። የዙህር ሰላት የሚሰገድበት ቦታ ግቢው ውስጥ አዘጋጅተናል። ቡናው እንደ ወሎ ደንብ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ ሳይጠጣ የሚሄድ እንግዳ አንፈልግም።

ከደሴ ለምትመጡ ሁለት ኮስተር ይኖራል። ከፒያሳ ጠዋት 2፡30 ላይ ይነሳሉ፤ በዓሉ እንዳበቃ ይመልሷችኋል። በራሳችሁ መኪና ለምትመጡ ማቆሚያ አለ። ከባድ መኪና ይዛችሁ የምትመጡ ግን ከጋራዡ ጀርባ ባለው ሜዳ እንድታቆሙ እንለምናለን፤ የባቲው መንገድ መዘጋት የለበትም።

መልስ ለመስጠት ለዚሁ ኢሜይል ሪፕላይ አድርጉ። ወይም ሥራ ስትኖራችሁ በምትደውሉበት በዚያው የቢሮ ስልክ ወይዘሮ ዘምዘምን አነጋግሩ። የምትመጡትን ሰዎች ስም ጻፉልን፤ ከአንድ ድርጅት እስከ ሦስት ሰው እንቀበላለን። ኮስተር የምትፈልጉ ከሆነም አብራችሁ ግለጹ። ሚያዝያ 29ን የመልስ ቀን ያደረግነው በሬው የሚገዛው፣ ድንኳንና ወንበሩም የሚታዘዘው በዚያ ሳምንት ስለሆነ ነው። እስከዚያ ካላወቅን ለአንዳንዱ እንግዳ ወንበር ሊያጥር ይችላል፤ ይህ ደግሞ እንዲሆን አንፈልግም። መምጣት የማትችሉም ብትሆኑ አንድ መስመር ጻፉልን።

ስጦታ ይዛችሁ እንዳትቸገሩ። በቆየ ቁጥር የደበዘዘ የድሮ ፎቶ፣ ከጋራዡ ወይም ከመጀመሪያ መኪናችሁ ጋር የተነሳችሁት ካላችሁ ግን ይዛችሁ ኑ። ኮፒውን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን፤ ዋናውን እንመልስላችኋለን።

በአክብሮት፣

ሰይድ ይማም
ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
ሐረጎ የከባድ መኪና ጋራዥና መለዋወጫ፣ ኮምቦልቻ